ቀና በሉ፦ መዝሙር 121፥1-2 በ60 ሰከንድ

ለአንባቢዋ፣ ለቀራጩና ለአቀናባሪው

ቀረጻው የቁም ነው፤ 1080 በ1920 ፒክስል። አንባቢዋ ከወገብ በላይ ትታይ፤ ከራሷ በላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ይተው። በሌላ ቀን ይህን ስህተት እለው ነበር። ስለ ቀና ማለት እየተናገርን የምስሉ ጠርዝ አናቷን ከተጫናት ግን ቃላችንና ምስላችን ይጣላሉ። ሙዚቃ የለም።

የመጀመሪያው ረቂቅ መዝሙሩን ሙሉ፣ 8ቱንም ቁጥር፣ ያስነብብ ነበር። ስንለካው ለማሰላሰያው የተረፈው ጊዜ «አሜን» ለማለት ብቻ የሚበቃ ሆነ። ስለዚህ 2 ቁጥር ብቻ ይነበባል፤ ያም ሳይቸኮል።

ከ0 እስከ 9 ሰከንድ

(አንባቢዋ መጽሐፍ ቅዱሱን ደረቷ ላይ ይዛ አቀርቅራለች። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እንዳቀረቀረች ትናገራለች፤ በሁለተኛው ፊቷን ታነሣለች። ሰላምታና ራስን ማስተዋወቅ አይኖርም።)

አንባቢ፦ ይህን ቪዲዮ የምታዩት አንገታችሁን ደፍታችሁ ይሆናል። እኔም ስልክ ስይዝ እንዲሁ ነኝ። ይህ መዝሙር ግን የሚጀምረው ቀና በማለት ነው።

ከ9 እስከ 25 ሰከንድ

(መጽሐፉን ገልጣ ታነባለች። ጥቅሱን በቃሏ ብታውቀውም ከገጹ ላይ ታንብብ፤ ዓይኗ መስመሩን ሲከተል ይታይ። የጥቅሱ ጽሑፍ ከመሀል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ የታችኛውንና የቀኙን ጠርዝ የመተግበሪያው ምልክቶች ይሸፍኑታል። ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ሰው ብዙ ነውና ፊደሉ ትልቅ ይሁን፤ በአንድ ጊዜም ከሁለት መስመር አይብለጥ።)

አንባቢ፦ መዝሙር 121፣ ቁጥር 1 እና 2። «ወደ ተራሮች ዓይኖቼን አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?»

(ዝምታ፤ 3 ሙሉ ሰከንድ። አንባቢዋ ከገጹ ቀና ብላ ከካሜራው በላይ ታያለች። የጥያቄው ጽሑፍ አይነሣ። አቀናባሪው ይህን ክፍተት እንዳይቆርጠው አደራ፤ ባዶ ሰዓት የሚያስፈራው እሱን ብቻ አይደለም፣ እኔንም ያስፈራኛል። ነገር ግን ጥያቄው ከመልሱ ጋር ተጣብቆ ከተነበበ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል።)

አንባቢ፦ «ረዳቴ ሰማይና ምድርን ከሠራ ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው።»

(በጽሑፍ፦ መዝሙር 121 (120)፥1-2። በሰባ ሊቃናት ትርጉም አቆጣጠር ይህ መዝሙር 120ኛው ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ካልታዩ «ተሳስታችኋል» የሚል አስተያየት መምጣቱ አይቀርም።)

ከ25 እስከ 51 ሰከንድ

(ቀራጩ ወደ ፊቷ ይጠጋ፤ ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጉዞ። አንባቢዋ አትስበክ። አጠገቧ ለተቀመጠ አንድ ሰው እንደምትነግር ትናገር።)

አንባቢ፦ ጠያቂውን እንደ መንገደኛ አስቡት፤ ከፊቱ ተራራ ቆሟል። ተራራው ግን አይረዳውም፤ መውጣት ያለበት እሱ ነው። ስለዚህ ዓይኑ ጫፉ ላይ አላረፈም፤ ተራራውን ወደ ሠራው አለፈ። ደግሞ አስተውሉ፤ መልሱን ከመናገሩ በፊት ጥያቄውን አልደበቀም። በእናንተም ፊት ዛሬ የቆመ ነገር ይኖራል። «ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» ማለት አለማመን አይደለም፤ መዝሙረኛውም ያለው ይህንኑ ነው።

(ተራሮቹ የሚያስፈሩ ናቸው ወይስ ተስፋ የሚሰጡ የሚለው የቆየ ክርክር ነው፤ በ26 ሰከንድ አንገባበትም። የመዝሙሩ አርእስት «የመዓርግ መዝሙር» መሆኑንም ከንግግሩ አውጥቼዋለሁ። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ተጓዦች ይዘምሩት እንደ ነበር በብዙዎች ይታመናል፤ «መንገደኛ» ያልሁትም ከዚያ ተነሥቼ ነው። ማብራሪያው ከቪዲዮው ሥር በጽሑፍ ይግባ። በልምምድ ጊዜ ከ51 ሰከንድ ካለፈች «ደግሞ አስተውሉ» የሚለው ይውጣ፤ ከጥቅሱ ግን አንዲት ቃል አይነካም።)

ከ51 እስከ 60 ሰከንድ

(መጽሐፉን ትዘጋለች።)

አንባቢ፦ አሁን ስልኩን ለአፍታ ዝቅ አድርጉትና ቀና በሉ። ጥያቄያችሁን በራሳችሁ ቃል ለእግዚአብሔር ንገሩት።

(ቀና ትላለች፤ ምስሉ ይጨልማል። የመጨረሻዎቹ 3 ሰከንዶች ጥቁር ናቸው፤ አርማ፣ «ተከታተሉን»፣ የልብ ምልክት የለም። ስልክህን አስቀምጥ ያልነውን ሰው መልሰን ስልኩን እንዲነካ መለመን አይሆንልንም።)