አባቴን ለማስታመም የሥራ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ለፋብሪካችን የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ
ገላን

ጉዳዩ፦ በጠና የታመመ አባቴን ለማስታመም ከኅዳር 15 እስከ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈቃድ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ኃላፊ፣

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በጥገና ክፍል እየሠራሁ ነው። አሁን የማታ ፈረቃ የማሽን ጥገና አስተባባሪ ነኝ። ረዘም ያለ ፈቃድ ስጠይቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት።

አባቴ ባለፈው ወር ስትሮክ መታው። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ተኝቶ ነፍሱ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙለትም። ንግግሩም ተይዟል። የምንለውን ይሰማል፣ ይገባዋል፤ መመለስ ሲፈልግ ግን ቃሉ አልወጣ እያለው ይናደዳል። ከሆስፒታል ወጥቶ አሁን እኔ ቤት ነው። የሐኪም ማስረጃውን አያይዣለሁ።

ማስታመሙ ምን እንደሚመስል በዝርዝር መጻፌን አይታዘቡኝ። የተራዘመ ፈቃድ የምጠይቅበትን ምክንያት የሚያስረዳው እሱ ነው። አባቴ በራሱ መገላበጥ ስለማይችል ሌሊትም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መቀየር አለብን። አንድ ሌሊት ካለፈው ቆዳው ይቀላል። ተረከዙ ላይ አንድ ቦታ ጀምሮት ነበር፤ ከእግሩ ሥር ትራስ እያደረግን ነው ያቆምነው። ምግብ የሚሰጠው ቀና ተደርጎ ነው። አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ገንፎ፣ ውኃም በማንኪያ። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጋደም መቆየት አለበት። ትን ብሎት ምግቡ ወደ ሳንባው ከገባ የሳንባ ምች እንደሚያመጣበት፣ እንደሱ ያለ ሕመምተኛን ደግሞ ሊገድለው እንደሚችል ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ ማንኪያውን የሚይዘው ሰው መቸኮል የለበትም። አንድ ሳህን አጥሚት አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጠዋትና ማታ ደም ግፊቱን ለክቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለት ቀን ታዞለታል። በቀጠሮው ቀን ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ወገቡን በነጠላ ወንበሩ ላይ አስረን፣ እኔ ከታች፣ ጎረቤቴ ከላይ ይዘን እናወርደዋለን። አባቴ ግዙፍ ሰው ነው። ሲመለስ ደግሞ ያው ደረጃ ሽቅብ አለ። ጎረቤቶቼን እግዜር ይስጥልኝ፣ እምቢ ብለውኝ አያውቁም። ግን እነሱም ሥራ አላቸው።

«ሰው ለምን አትቀጥርም?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ሞክረናል። አንዲት ልጅ ቀጥረን ነበር፤ ምግቡንና ልብሱን ደህና አድርጋ ትሠራ ነበር፤ እሱን ብቻዋን ማንሳት ግን አልቻለችም። ከዚያም በላይ አባቴ ገላውን ሲታጠብ ሴት እንድታየው አይፈልግም። መናገር ባይችልም በግራ እጁ አንሶላውን ጨምድዶ ይይዛል። ያንን እጅ አስለቅቄ ሌላ ሰው እንዲያጥበው ማድረግ አልችልም። እናቴ በሕይወት የለችም። ታላቅ እህቴ አረብ አገር ነች፤ የመድኃኒቱን ወጪ የምትሸፍነው እሷ ነች። ታናሿ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ ቀን ቀን ስትመጣ ሌሊቱ የኔ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊት ፋብሪካ ነኝ።

ባለፉት ሳምንታት ፈረቃ እየተቀያየርኩ ለመግፋት ሞክሬያለሁ። የክፍል ኃላፊዬና የሥራ ባልደረቦቼ የተቻላቸውን አድርገውልኛል። ሆኖም እንቅልፍ ያጣ ሰው ማሽን ላይ መቆም የለበትም። የሞልድ መዝጊያ ውስጥ እጅ የሚገባበት ሥራ ነው የምንሠራው። በኔ ድካም ምክንያት አንድ ልጅ እንዲጎዳ አልፈልግም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛው ራሱ ሲታመም ነው። ወላጅ ለማስታመም ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ ረጅም ፈቃድ የለም። በአንቀጽ 81 ግን ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ያጋጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ ያገኛል። ይህን ከኅዳር 15 እስከ 19 ልጠቀምበት። ከዚያ የቀረኝን የ14 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ከኅዳር 20 እስከ ታኅሣሥ 6 ልውሰድ። ከታኅሣሥ 7 እስከ ጥር 30 ያለው ግን በሕግ መብቴ ነው ብዬ የምከራከርበት አይደለም። ድርጅቱ ያለ ደመወዝ እንዲፈቅድልኝ፣ የሥራ መደቤም እንዲጠበቅልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የካቲት 2፣ ሰኞ፣ ሥራዬ ላይ እገኛለሁ።

ጥር 30ን ዝም ብዬ አልመረጥኩም። የታላቅ እህቴ ኮንትራት ጥር ላይ ያልቃል፤ መጥታ ከአባታችን ጋር ትቀመጣለች። በሌላ በኩል ሐኪሙ እንደነገረን እንቅስቃሴ በደንብ ሊመለስ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ያ ጊዜ በከንቱ እንዲያልፍበት አልፈልግም። ሰሞኑን የቀኝ እጁን አውራ ጣት ትንሽ ማንቀሳቀስ ጀምሯል።

ሥራውን በተመለከተ፣ የማታ ፈረቃውን አብሮኝ የሚሠራው ቴክኒሻን ሊሸፍን ተስማምቷል። የክፍል ኃላፊያችንም ያውቃል። የእያንዳንዱን ማሽን የጥገና ታሪክ ደብተር ላይ አስፍሬያለሁ፤ ከመውጣቴ በፊት አስረክበዋለሁ። ሦስተኛዋ ማሽን ሃይድሮሊክ ዘይት ታፈስሳለች፤ ኦሪንጉ ተገዝቶ ስቶር ገብቷል፣ እስከ ቅዳሜ እኔው ራሴ እቀይረዋለሁ። በፈቃዴ ጊዜ ስልኬ ክፍት ነው። ከቱሉ ዲምቱ ገላን ሩቅ ስላልሆነ፣ የባሰ ብልሽት ከገጠመና እህቴ ቤት ካለች ቀን ላይ ብቅ ብዬ ማየት እችላለሁ።

ደመወዝ በማይከፈለኝ ጊዜ የጡረታ መዋጮዬ፣ የኔ 7 በመቶም የድርጅቱ 11 በመቶም፣ እንደማይገባ ተረድቻለሁ። የብድርና ቁጠባ ማኅበሩን ወርኃዊ ክፍያ ግን በእጄ እከፍላለሁ፤ ዋሶቼ እንዳይጠየቁብኝ ይህ በማኅደሬ እንዲያያዝ እለምናለሁ።

ሙሉው ጊዜ የማይቻል ከሆነ እንዳይዘጋብኝ ብቻ። ከታኅሣሥ 7 በኋላ ለጊዜው ወደ ቀን ፈረቃ ተዛውሬ በግማሽ ደመወዝ ግማሽ ቀን ብሠራም እቀበላለሁ። ለመነጋገር በጠሩኝ ሰዓት እመጣለሁ። ተተኪው ከሰኞ በፊት ሥራውን እንዲረከበኝ፣ ውሳኔዎ እስከ ዓርብ ኅዳር 12 በጽሑፍ ቢደርሰኝ ትልቅ እገዛ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ሄኖክ ታደሰ
የማታ ፈረቃ የማሽን ጥገና አስተባባሪ

አባሪ፦ የሆስፒታል መውጫ ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ካርድ ቅጂ

ግልባጭ፦
ለጥገና ክፍል ኃላፊ
ለመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር