ለዶክተር ሰናይት የስንብት ሌክቸር የተደረገ የመግቢያ ንግግር

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲው አመራር አባላት፣ የትምህርት ክፍላችን መምህራንና ተማሪዎች፣ ከጡረታ በኋላም ቤታችሁን ያልረሳችሁ ነባር ባልደረቦቻችን፣ እንዲሁም የዶክተር ሰናይት ቤተሰቦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዶክተር ሰናይት ከሠላሳ ስድስት ዓመታት የማስተማርና የምርምር አገልግሎት በኋላ በዚህ ወር መጨረሻ በጡረታ ይሰናበታሉ። ከዚያ በፊት አንድ ትምህርት እንዲሰጡን ለመንናቸው፤ እርሳቸውም «ከካራቆሬ እስከ ፈንታሌ፦ የሰው ምስክርነትና የመሣሪያ መዝገብ» በሚል ርእስ ሊናገሩ ፈቀዱ። እኔ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ከፊታችሁ ብቆምም የእርሳቸው ተማሪ ስለነበርሁ፣ የሕይወት ታሪካቸውን በቅደም ተከተል ከማንበብ ይልቅ ይህ ርእስ ከየት እንደ መጣ ባስረዳ የተሻለ መስሎኛል።

ዶክተር ሰናይት የተወለዱት በሰሜን ሸዋ፣ ከካራቆሬ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ እርሳቸው ገና አልተወለዱም፤ ነገር ግን እናታቸው የዓመቱን ነገር ሁሉ የሚቆጥሩት «ከመናወጡ በፊት» እና «ከመናወጡ በኋላ» እያሉ ነበር። ምንጩ የደፈረሰው በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ የጎተራው ግድግዳ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደወደቀ፣ ከብቶቹ ከበረት ለመግባት እምቢ ያሉት ስንት ሌሊት እንደሆነ ያስታውሱ ነበር። ልጃቸው እዚህ አራት ኪሎ ገብተው ጂኦሎጂ ሲማሩ፣ በዚሁ ግቢ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዋን ባቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ የዚያን ዘመን የርዕደ መሬት መዝገብ አገኙ። በወረቀቱ ላይ ያለው መስመርና የእናታቸው ትረካ ስለ አንድ ነገር እንደሚናገሩ የተረዱት ያን ጊዜ ነው። ቀሪው የሥራ ዘመናቸው በሙሉ ሁለቱን ጎን ለጎን በማስቀመጥ አለፈ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለተማሪዎች፣ በተለይም ዘንድሮ ለገባችሁ፣ ይህ ለምን ቁም ነገር እንደሆነ ጥቂት ልበል። የአንድ ርዕደ መሬት መጠን አንድ ቁጥር ነው፤ ከመነሻው የወጣውን ኃይል ይነግረናል። ሰው ላይና ቤት ላይ ያደረሰው ጥንካሬ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በዐለት ላይ የተሠራ ቤትና በልል አፈር ላይ የቆመ ቤት እኩል አይናወጡም፤ ከሩቅ የመጣ ቀርፋፋ ሞገድ ምድር ቤት ያለውን ሰው ሳይቀሰቅስ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ከአልጋው ሊያስነሣ ይችላል። ይህን ልዩነት ለማወቅ በየሰፈሩ መሣሪያ መትከል አለብን፤ ያ በሌለበት አገር ደግሞ ያለን አማራጭ ሰውን መጠየቅ ነው። ዶክተር ሰናይት ሁልጊዜ የሚያሳስቡን ግን መጠየቅ ራሱ ሙያ መሆኑን ነው። «ፈርተው ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ምንም መረጃ ይዞ አይመለስም፤ «መደርደሪያው ላይ የነበረው ብርጭቆ የት ወደቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ይዞ ይመለሳል።

ይህን እኔ ራሴ የተማርሁት አፋር ውስጥ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ ምድር ተሰንጥቃ፣ ቅልጥ ዐለት ከሥር ሰርጎ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የስምጥ ሸለቆ ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ ስምንት ሜትር ድረስ ሲከፍተው፣ ዓለም ሁሉ ጉዳዩን በሳተላይት ምስል ይመለከት ነበር። ስምጥ ሸለቆው በዓመት በሚሊሜትር እየተለካ የሚሰፋ በመሆኑ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሥራ በአንድ ወቅት ሲፈጸም ማየት ለሙያችን ትልቅ ነገር ነበር። ዶክተር ሰናይት እኔንና ሁለት ጓደኞቼን ይዘው ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት መሣሪያ አላስነኩንም። ከአርብቶ አደሮቹ ጋር ቁጭ ብለን በአፋር ባህል ዳጉ የሚባለውን የወሬ ልውውጥ እንድናዳምጥ አደረጉን፤ በዳጉ ሥርዓት ወሬ የሚያቀብል ሰው ያየውንና የሰማውን ለይቶ መናገር እንዳለበት፣ ከማን እንደሰማም መጥቀስ እንደሚጠበቅበት ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ አዛውንት መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ መናወጥ፣ ከዚያ አመድ መምጣቱን በተራ ሲናገሩ፣ ዶክተር ሰናይት እያንዳንዷን ቃል በመስክ ደብተራቸው ጻፉ፤ ሲጨርሱም የጻፉትን በአስተርጓሚ መልሰው አነበቡላቸውና «ያጎደልሁት አለ?» ብለው ጠየቁ። አዛውንቱ አንድ ነገር አረሙ። ያቺ እርማት በደብተሩ ውስጥ እስከ ዛሬ በቀይ እስክሪብቶ ትታያለች።

እንዲህ ያሉ ደብተሮች አርባ አንድ ናቸው። በዚህ ላይ የማምንበትን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። መምህራንን ለማዕረግ ዕድገት የምንመዝንበት መንገድ በጆርናል የወጣን ጽሑፍ ይቆጥራል፤ በየመንደሩ ተቀምጦ የተሰበሰበን ምስክርነት ግን አይቆጥርም። ዶክተር ሰናይት ብዙ ሊያሳትሙ የሚችሉባቸውን ዓመታት ለእነዚህ ደብተሮች ሰጡ፤ ይህም በማዕረግ እንዳስከፈላቸው ሁላችንም እናውቃለን። እርሳቸው አንድም ቀን አላማረሩም፤ እኔ ግን ሚዛናችን ልክ አልነበረም እላለሁ። የነገ ተመራማሪ የሳተላይት ምስሉን ከማኅደር ያገኘዋል፤ ያረፉትን አዛውንት ግን ከየትም አያገኛቸውም።

የዚህ ሥራ ፍሬ ዘንድሮ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ በቅርብ ታየ። ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ርዕደ መሬቱ ሲደጋገም፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከአፋርና ከኦሮሚያ ቀያቸውን ለቀው ሲወጡ፣ የካቲት 7 ሌሊትም መጠኑ 6.0 የሆነው መናወጥ አዲስ አበባን ሲያነቃ፣ ስልካቸው አላረፈም። የሚደውለው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ትልቁ መቼ ነው የሚመጣው? ቀኑንና ሰዓቱን ሊነግር የሚችል ሳይንስ እንደሌለ ለፈራ ሰው መንገር ከባድ ነው። ዶክተር ሰናይት ይህን ለእያንዳንዱ ደዋይ ሳይሰለቹ ተናገሩ፤ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊትም ቤቱ በምን እንደተሠራ፣ ከባድ ቁም ሣጥን አልጋ አጠገብ እንዳለ፣ ልጆቹ የት እንደሚተኙ ይጠይቁ ነበር። ለአንዲት እናት አልጋውን ከመስኮቱ እንዲያርቁ ሲመክሩ ሰምቻለሁ፤ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩን ከነበረው ድምፅ ፈጽሞ አይለይም ነበር።

ስለ አስተዳደር ሥራቸው፣ ስላማከሯቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ስለ ቤተ ሙከራው አብረዋቸው የሠሩ ባልደረቦች ከትምህርቱ በኋላ በሻይ ሰዓት ይናገራሉ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ላሳውቅ፦ አርባ አንዱም ደብተሮች ለትምህርት ክፍሉ ተበርክተዋል፤ ሦስት የማስተርስ ተማሪዎችም ከሐምሌ ጀምሮ ገጽ በገጽ ወደ ኮምፒውተር ያስገባሉ። ዶክተር ሰናይት በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ የእጅ ጽሑፋቸውን እንደሚያነቡላቸው ቃል ገብተዋል።

ትምህርቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ለጥያቄ ግማሽ ሰዓት ተመድቧል። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት የዶክተር ሰናይት እናት ከዛሬ ስልሳ አራት ዓመት በፊት ያዩትን ለመናገር ፈቃደኛ ስለሆኑ፣ የመጀመሪያው የጥያቄ ዕድል ለእርሳቸው ይሆናል።

ዶክተር ሰናይት፣ እባክዎን ወደ መድረኩ ይምጡልን።