የአዲሱ ሜኑ ጽሑፍ

እትዬ፣

የሜኑውን ጽሑፍ ጨርሼዋለሁ። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ረጋ ብለሽ አንብቢው። አንዳንድ ቦታ የድሮውንም አስቀምጬልሻለሁ፤ ለምን እንደቀየርኩት እንዲገባሽ ነው። ዋጋውን አልነካሁም። የምግቦቹም ስም እንዳለ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሰው ሜኑ ሲያይ ተመለከትኩ። ስሙን ያያል፣ ዋጋውን ያያል፣ ከዚያ አስተናጋጇን ቀና ብሎ «ዛሬ ምን ይሻላል?» ይላታል። ከስሙ ስር ያለውን አንድም ሰው ሲያነብ አላየሁም። አልፈርድባቸውም። «ልዩ» የሚለው ቃል አስራ ሁለት ምግብ ላይ አለ። ሁሉም ልዩ ከሆነ ሰው በምን ይምረጥ?

አስተናጋጇ ግን ስትመልስ ሰማኋት። «ሽሮው እየተንተከተከ ነው የሚመጣልዎት» አለች። ሰውዬው ወዲያው አዘዘ። እኔም የሠራሁት ይኸንኑ ነው። እሷ በአፏ የምትለውን፣ አንቺ ማጀት ውስጥ የምትሠሪውን ወረቀት ላይ አሰፈርኩት። አንዱ ምግብ ከሁለት ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር አይበልጥም።

ከላይ ጀምሪ። «እንኳን ወደ ቤታችን በሰላም መጡ» ብሎ የሚጀምረው ረጅም አንቀጽ ወጥቷል። በእሱ ቦታ ይህ ይገባል፦

«እንጀራችን የጤፍ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚሁ ይጋገራል።»

ሌላ ምንም አይጨመርበት። በጠዋት የሚያልፍ ሰው የምጣዱን ሽታ ያውቀዋል፤ ሜኑው የሸተተውን ያረጋግጥለታል።

ቁርስ

ጨጨብሳ
«ትኩስ ቂጣ ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ። ማር ለብቻው ይመጣል።»

ፉል
«ባቄላው ሌሊቱን የበሰለ ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከላይ፣ ትኩስ ዳቦ ከጎን።»

ቅንጬ
«በንጥር ቅቤ። ለጾም በዘይት ይሠራል።»

ዱለት
«ጨጓራ፣ ጉበትና ቀይ ስጋ በደቃቁ ተከትፎ፣ በቅቤ፣ በቃሪያና በሚጥሚጣ። ጠዋት ብቻ።»

የዱለቱን ነገር ላስረዳሽ። የድሮው «ቅዳሜን የሚያደምቅ ተወዳጅ የባህል ምግብ» ይላል። ቅዳሜ ዕለት አንዲት ልጅ አዝዛ ሲመጣላት ደነገጠች፤ ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሳትነካው መለሰችው። አንቺም ሳትከፍል ሸኘሻት። ጨጓራና ጉበት ብሎ በግልጽ መጻፍ ሰው ያሸሻል ብለሽ እንዳትሰጊ። ዱለት የሚወድ ሰው የሚፈልገው ይኸንኑ ነው፤ የማይወደውም ቀድሞ ያውቃል።

እንቁላል ፍርፍርና እንጀራ ፍርፍር ላይ ምንም አልጻፍኩም። ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል። ስማቸው ይበቃል።

የጾም

በዚህ ክፍል ራስጌ ላይ አንድ መስመር አስገብቻለሁ፦

«የጾም ምግብ የሚበስልበት ድስትና መጥበሻ ለብቻው ነው።»

ይህን ጥያቄ በሦስት ቀን ውስጥ አራት ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲጠይቅ ሰማሁ። አንቺ ደግሞ ለጾሙ ድስት ቀይ ጨርቅ አስረሽ፣ ጭልፋውን ሳይቀር ለይተሽ ነው የምትሠሪው። ለሚጾም ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስጎመጅ ቃል አላገኘሁም። የልቡን ጥርጣሬ ሲያወርድለት ነው ምግቡ የሚያምረው።

ተጋቢኖ ሽሮ
«በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል። ሽሮውን ቆልታ የምታስፈጨው እናታችን ናት።»

የድሮው «ጣፋጭና ተወዳጅ ተጋቢኖ» ብቻ ነበር። እማዬ ሽምብራውንና ባቄላውን ስትለቅም፣ ስትቆላ፣ ከነቅመሙ አዘጋጅታ ወፍጮ ቤት ስትልክ አብረን አድገናል። ያንን ልፋት «ጣፋጭ» በሚል ቃል መሸፈን አሳዘነኝ። ስሟን አልጻፍኩም። «እናታችን» የሚለውን ሳነብላት ግን ዝም ብላ ቆየችና «እንደዛ ከሆነማ ሽሮው እንዳይጎድል» አለችኝ። በዚያው ቀን ሽምብራ ገዝታለች።

«እናታችን» የሚለውን ሌላ ቦታ አትድገሚው። አንድ ጊዜ ሲባል ነው የሚሰማው።

በየአይነቱ
«ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በድንች፣ ቀይ ስርና ሰላጣ በአንድ እንጀራ ላይ። ረቡዕና አርብ አዚፋና ስልጆ ይጨመርበታል።»

የድሮው «የተለያዩ የጾም ምግቦች በማራኪ አቀራረብ» ይል ነበር። «የተለያዩ» የሚለው ምኑም አይታይም። ስማቸው ሲጠራ ግን ሰው ሰሃኑን በዓይነ ህሊናው ያየዋል። ስልጆውን ያስገባሁት አውቄ ነው። የባቄላ ዱቄቱ ተገንፍቶ፣ ከሰናፍጭ ጋር ተብላልቶ እስኪደርስ ቀናት ይወስድብሻል። በየቦታው የሚገኝ ነገር አይደለም። ስልጆ የናፈቀው ሰው ይህን መስመር ካየ አርብን ጠብቆ ይመጣል።

ሱፍ ፍትፍት
«ቀዝቃዛ። እንጀራው በሱፍ ወተት የራሰ፣ ቃሪያ ጣል ያለበት።»

«ቀዝቃዛ» የሚለውን መጀመሪያ ያደረግኩት ለቀትር ፀሐይ ብዬ ነው። «ወተት» ሲባል የላም የሚመስለው ሰው ካለ «የሱፍ ጭማቂ» ማለት እንችላለን፤ አንቺ ወስኚ።

የፍስክ

ዶሮ ወጥ

በዚህኛው ላይ ነው ብዙ የቆየሁት። የድሮው እንዲህ ነበር፦ «እጅ የሚያስቆረጥም፣ በባህላዊ አሠራር በልዩ ቅመማ ቅመም ተዘጋጅቶ የሚቀርብ፣ ቀምሰው የማይረሱት ምርጥ ዶሮ ወጥ»። እጅ ማስቆረጥ የበላ ሰው የሚመሰክረው ነገር ነው። ባለቤቱ ስለ ራሱ ወጥ ሲናገረው ይቀልላል።

መጀመሪያ ቅመሞቹን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል እያልኩ። ሳነበው የገበያ ዝርዝር ሆነብኝ። ሰረዝኩት። ከዚያ ሽንኩርቱን ስንት ሰዓት እንደምትጥጂ ጠየቅኩሽ፤ «ከንጋቱ 12 ሰዓት» አልሽኝ። ሌላ ቃል መፈለግ ተውኩ።

«ሽንኩርቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በዝግታ ይቁላላል። አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላል፣ አይብ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ፤ ሲያልቅ አንጨምርም።»

የመጨረሻዋ ሐረግ እውነት ስለሆነች ነው የገባችው። በቀን ሁለት ዶሮ ነው የምትሠሪው። አንዱ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ቢበዛ 24 ሰው ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው «የለም» ሲባል ቅር ከሚለው፣ ቀድሞ አንብቦ ሌላ ቀን በጊዜ ቢመጣ ይሻላል።

ክትፎ
«ቀይ ስጋ በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ። ጥሬ፣ ለብለብ ወይም ብስል፤ እንደሚወዱት ይዘዙ። ከቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር።»

የድሮው «በዓለም የታወቀው» ይላል። ስለ ዓለም ትተን ስለ ሰሃኑ እንናገር ብዬ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ተቸግሬያለሁ። «በእጅ የተከተፈ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቢላዋው መክተፊያው ላይ ሲመታ እስከ ውጭ ይሰማል፤ እሱን የመሰለ ማስታወቂያ የለም። ነገር ግን እሁድ ሰው ሲበዛ በማሽን ታስፈጪዋለሽ። እሁድ የመጣ ሰው የተጻፈለትን ካላገኘ ቀሪውንም ሜኑ አያምንም። ስለዚህ ቃሉን ለጊዜው አውጥቼዋለሁ። እሁድም በእጅ እንዲከተፍ ካደረግሽ ወዲያው እመልሰዋለሁ። እኔ ብትመልሺው ደስ ይለኛል።

ሸክላ ጥብስ
«የበሬ ስጋ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል። ከስሩ ፍም ባለው ሸክላ ላይ ቸስ ቸስ እያለ ይመጣል። 20 ደቂቃ ይጠብቁን።»

ደረቅ ጥብስ
«ጠርዙ እስኪደርቅ የተጠበሰ። አዋዜ ከጎን።»

የበግ አልጫ
«ከነአጥንቱ፣ በእርድና በዝንጅብል በቀስታ የበሰለ። በርበሬ የለውም፤ ልጆችም ይበሉታል።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የልጆቹን ነው። አልጫው እስከ ዛሬ ገጹ መጨረሻ ላይ ተደብቆ ነበር። ወደ ላይ አምጥቼዋለሁ።

ቦዘና ሽሮ
«ተጋቢኖው ላይ የተጠበሰ የበሬ ስጋና ቅቤ።»

ቋንጣ ፍርፍር
«ቋንጣው እዚሁ በበርበሬ ታሽቶ የደረቀ ነው።»

ጎመን በስጋ ላይ ብዙ ደከምኩና መጨረሻ ላይ ተውኩት። ስሙ ራሱ ሁሉንም ተናግሯል።

የሚጠጣ

ለስላሳና ውሃ ስማቸው ብቻ ይጻፍ። ሻይም እንዲሁ። ቡናው ግን ይህን ይዟል፦

«ቡና በጀበና። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ እዚሁ ይቆላል።»

ምሳ የበላ ሰው ይህን አንብቦ ሰዓቱን ካየ፣ ትንሽ ልቆይ ማለቱ አይቀርም። 9 ሰዓት ካልን ግን 9 ሰዓት ይቆላ። ለቡና አፍዪዋ ልጅ ንገሪያት።

ጠጁንም ነክቼዋለሁ። «የነገሥታቱ መጠጥ» የሚለው ወጥቶ «የማር ጠጅ፣ በብርሌ» ብቻ ሆኗል። ብርሌ የሚለውን ቃል ያነበበ ሰው ቀለሙ ይታየዋል፤ ንጉሥ መጥራት አያስፈልገንም።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። የክትፎውን ነገር ወስኚልኝ። ስልጆው ረቡዕና አርብ መቼም እንደማይቀር አረጋግጪልኝ፤ አርብ ብቻ ከሆነ አርብ ብቻ እንጻፍ። ሦስተኛ፣ ጽሑፉን ለአስተናጋጆቹ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እንግዳ ፊት ለመናገር አፋቸው ላይ የከበዳቸው ቃል ካለ ምልክት አድርጊበት፤ እቀይረዋለሁ።

ማተሚያ ቤቱ እስከ ሐሙስ ካስገባን ለቅዳሜ ያደርስልናል። ፊደሉን ትንሽ ከፍ እንዲያደርጉት ነግሬያቸዋለሁ፤ ጽሑፉ ስላጠረ ቦታ አለን። እርማትሽን ረቡዕ ማታ ስመጣ እወስዳለሁ። ተጋቢኖ አስቀምጪልኝ።

ወንድምሽ