የሽሮ ሜዳ ሆታ፦ ለታላቁ ሩጫ

ከጭረቱ በፊት ያለው የአውጪ ነው፤ ከጭረቱ በኋላ ያለው የሁላችንም ነው። አውጪው ሜጋፎን የያዘው ልጅ ነው። ድምፁ ሲሻክር ለጎኑ ይስጥ፣ አይጨቃጨቅ። ከበሮው ሰልፉ መሃል ይሁን፤ ፊት ከሆነ ኋላ ያሉት ሁሌ ዘግይተው ነው የሚመልሱት።

ከሰፈር ስንወርድ

ማን መጣ? — ሽሮ ሜዳ!
ማን መጣ? — ሽሮ ሜዳ!
አልሰማሁም! — ሽሮ ሜዳ!
ለእንጦጦ ይሰማ! — ሽሮ ሜዳ!
ለቦሌ ይሰማ! — ሽሮ ሜዳ!

ታክሲው? — ሞላ!
አውቶብሱ? — ሄደ!
ላዳውስ? — ተወደደ!
ታዲያ በምን? — በእግር!
በምን? — በእግር!
በምን በምን? — በእግር በእግር!

ስድስት ኪሎ? — አለፍን!
አራት ኪሎ? — አለፍን!
ደከማችሁ? — ገና ነን!
መስቀል አደባባይ? — መጣንልህ!

(የመጨረሻዋን መልስ አደባባዩ እስኪታይ አታውጧት። ሲታይ ግን ሦስቴ።)

መነሻው ላይ፣ ቆመን

ድር? — አለን!
ማግ? — አለን!
መወርወሪያ? — አለን!
ጥበብ? — ሞልቶን!
ጉልበት? — ተርፎን!

ወርውር! — ቀኝ!
መልስ! — ግራ!
ወርውር! — ቀኝ!
መልስ! — ግራ!

ቀኝ ሲባል ሁሉም ወደ ቀኝ፣ ግራ ሲባል ወደ ግራ ይዘንበል። ሰልፉ እንደ መወርወሪያ ከዳር ዳር ይመላለስ። ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና እያፈጠነ ይሂድ። ሰው መሳቅ ሲጀምር አውጪው ያቁም፤

ጥለቱ? — አለቀ!
ኩታው? — ደረሰ!
ማን ይልበሰው? — የቀደመ!
ማን ቀደመ? — ሽሮ ሜዳ!

ሩጫው ሲጀመር

እዚህ ላይ መልሱ «ሆ!» ብቻ ነው። አውጪው ስንኙን አይጎትት፤ ሦስት እርምጃ ላይ ይጨርስ።

ከእንጦጦ ወረድን — ሆ!
ባህር ዛፍ አጥኖን — ሆ!
ማን ሊቀድመን ነው — ሆ!
አቀበት አሳድጎን — ሆ!

እናቴ ስትፈትል — ሆ!
ክሩ አይበጠስም — ሆ!
አስር ኪሎ ሜትር — ሆ!
ትንፋሼ አያጥርም — ሆ!

ሸማኔው አባቴ — ሆ!
ኩታውን ሲቋጨው — ሆ!
እኔም ይሄን መንገድ — ሆ!
ዳር ድረስ ልፍጀው — ሆ!

(እናቶች ብቻ) — እልልልል!

እልልታው የእናቶች ነው። ወንዶች እዚህ ጋ ዝም በሉ፤ ባለፈው የልምምድ ቀን ያሰማችሁት እልልታ አልነበረም።

የጀግኖች ጥሪ

ይሄኛው ሜዳ በሆነ ቦታ፣ መንገዱ ሰፋ ሲል ይጠራ። አውጪው ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይያዝ። ወረቀት እያዩ መሮጥ ለአስፋልቱም ለጥርስም ጥሩ አይደለም።

ሮም ላይ? — አበበ!
ጫማውስ? — የለም!
እግሩስ? — ባዶ!
ወርቁስ? — የኛ!

ቶኪዮስ? — አበበ!
እንደገና? — አበበ!
ሜክሲኮስ? — ማሞ!
ማራቶኑ? — የኛ!

ሞስኮስ? — ምሩፅ!
ስንት ወርቅ? — ሁለት!
ማን አሉት? — ማርሽ ቀያሪው!
ማርሽ! — ቀይር!
ማርሽ! — ቀይር!
ማርሽ! — ቀይር!

በሦስተኛው «ቀይር!» ላይ ሁሉም ሃያ እርምጃ ይፍጠን፣ ከዚያ ይመለስ። ሕፃን የያዘ ሰው ዳር ይውጣ። ምሩፅ እ.ኤ.አ. በ1980 በ5 ሺህም በ10 ሺህም ሜትር ያሸነፈው መጨረሻው ላይ በዚህ አይነት አፈትልኮ ነው፤ ልጆቹ ለምን እንደሚፈጥኑ ይወቁት።

ባርሴሎና? — ደራርቱ!
አስር ሺው? — ደራርቱ!
አትላንታ? — ኃይሌ!
ማራቶኑ? — ፋጡማ!

ሲድኒስ? — አራት!
ምን አራት? — ወርቅ!
ቁጠሩ! — አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት!

ሲድኒ ላይ ስም አንጠራም። በልምምድ ግማሹ ኃይሌ፣ ግማሹ ደራርቱ፣ አንዱ ጥግ ሚሊዮን፣ ሌላው ገዛኸኝ እያለ ሆታው ፈረሰ። ሁሉም ልክ ነበር። አራቱም እ.ኤ.አ. በ2000 ወርቅ አምጥተዋል። ስለዚህ ቁጥሩን እንጩኸው።

አቴንስ? — ቀነኒሳ!
ቤጂንግ? — ቀነኒሳ!
ሴቷስ? — ጥሩነሽ!
ስንት ስንት? — ሁለት ሁለት!
ለንደን? — ጥሩነሽ!
ሪዮስ? — አልማዝ!
ፓሪስስ? — ታምራት!
ቀጣዩስ? — እኔ!
ማን? — እኔ!
ማን ማን? — እኔ! እኔ!

(እዚህ ላይ ሁሉም እጁን ያውጣ። እየተራመደ ያለውም ጭምር።)

ሌላ ሰፈር ስናገኝ

ፒያሳዎች? — ሰላም!
መርካቶዎች? — ሰላም!
ቂርቆሶች? — ሰላም!
ቦሌዎች? — መኪናችሁስ?
አዲስ አበባ? — አንድ ነን!
ማን ይቅደም? — ሽሮ ሜዳ!

ከዚህ ያለፈ ነገር የለም። እናትም፣ ብሔርም፣ የኳስ ቡድንም አይጠራም። የሰደበን ካለ መልሳችን አንዲት ናት፦ «እሰይ!» ሁሉም አንድ ላይ ካላት ሰዳቢው ራሱ ይስቃል።

ውኃ ጋ

ውኃ! — ጠጣ!
ለጎንህ! — ስጥ!
ሃይላንዱን? — አትጣል!
ማንም! — አይጣል!

አቀበት ላይ

ትንፋሽ የለም፤ ስለዚህ ቃልም የለም። በአንድ እርምጃ ጥሪ፣ በቀጣዩ መልስ።

ግፋ! — ሆ!
ግፋ! — ሆ!
በርታ! — ሆ!
በርቺ! — ሆ!
አባባ! — ሆ!
እማማ! — ሆ!
ይሄ ምንድነው? — ሜዳ ነው!
እንጦጦስ? — እሱ ነው!

ማን ደከመ? — ማንም!
የደከመስ? — ይያዝ!
የቆመስ? — ይያዝ!
ብቻውን? — አይቀርም!
አይዞህ! — አይዞን!
አይዞሽ! — አይዞን!

የደከመ ሰው ካያችሁ ስሙን አትጥሩ፤ ያፍራል። ግራና ቀኝ ሁኑና «አይዞን» በሉ። «አይዞህ» የሚለው አውጪው ብቻ ነው።

መጨረሻው ሲታይ

ታየ? — ታየ!
ታየ? — ታየ!
ማነው ያለው? — ሽሮ ሜዳ!
ስንት ሆነን? — ሁላችን!
የቀረ አለ? — የለም!

ወርውር! — ቀኝ!
መልስ! — ግራ!
ወርውር! — ቀኝ!
መልስ! — ግራ!
ቋጨው! — ቋጨነው!
ቋጨው! — ቋጨነው!

(እናቶች) — እልልልል!

ወደ ቤት

ይቺ የሚራበው ሰው ናት፤ ከፈለጋችሁ እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ ትሄዳለች። ጾም ገባም አልገባም ትሠራለች።

ራባችሁ? — አዎ!
በጣም? — አዎ!
ጥብስ አለ? — የለም!
ክትፎ አለ? — የለም!
ምን አለ? — ሽሮ!
ተጋቢኖ? — ሽሮ!
ፈሰስ? — ሽሮ!
የት ነው? — ሜዳ!
ሽሮ! — ሜዳ!
ሽሮ! — ሜዳ!
ሽሮ ሽሮ! — ሜዳ ሜዳ!
ማን መጣ? — ሽሮ ሜዳ!