ከአፕዴት በኋላ በባንክ ማስታረቂያ ሪፖርት ላይ ስለታዩ ተደጋጋሚ መዝገቦች

ቀን፡ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፡ ፋይ/118/2017

ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል

ጉዳዩ፡- በጥር ወር የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ሪፖርት ላይ የተደጋገሙ መዝገቦች እንዲጣሩና እንዲስተካከሉ ስለመጠየቅ

ቅዳሜ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሂሳብ ሲስተሙ ላይ አፕዴት መደረጉ ይታወቃል። ሰኞ ጠዋት የጥር ወርን የባንክ ማስታረቂያ ለማጽደቅ ሪፖርቱን ስከፍት፣ ዓርብ ጥር 30 ቀን ከሥራ መውጫ በፊት ባተምኩት ቅጂ ላይ ልዩነቱ ዜሮ የነበረው ዋናው የባንክ ሂሳባችን የ754,420.50 ብር ልዩነት አሳይቷል። ከባንኩ በደረሰን ስቴትመንት መሠረት የወሩ መጨረሻ ቀሪ ሂሳብ 4,812,360.45 ብር ሲሆን፣ ሪፖርቱ ግን 4,057,939.95 ብር ይላል።

የታተመውን ቅጂና አዲሱን ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጬ መስመር በመስመር ሳመሳክር ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ 37 መስመሮች አግኝቻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ 29ኙ በድምሩ 1,146,820.50 ብር የሆኑ ክፍያዎች፣ 8ቱ ደግሞ በድምሩ 392,400.00 ብር የሆኑ ገቢዎች ናቸው፤ የሁለቱ ልዩነት ሪፖርቱ ላይ ከታየው ልዩነት ጋር እስከ ሳንቲሙ ስለሚገጥም ሌላ የተደበቀ ስህተት አለ ብዬ አልገምትም።

ለአብነት ያህል፣ ለጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ ታክሱን ጨምሮ ከ86,250.00 ብር ላይ 1,500.00 ብር ቅድመ ግብር ተቀንሶ የተከፈለው 84,750.00 ብር በመለያ ቁጥር `FT25022K7XQ3` ሁለት ቦታ ተቀምጧል። የክፍያ ቫውቸሩንም ስቴትመንቱንም አይቻለሁ፤ ገንዘቡ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያየሁት ብቸኛ ልዩነት የቀኑ አጻጻፍ ነው፤ አንደኛው `14/05/2017`፣ ሁለተኛው `22/01/2025` ይላል። ሁለቱም ያው ጥር 14 ቀን ናቸው። በቀሩት 36 መስመሮችም ላይ ይኸው ይደጋገማል። ምክንያቱን መወሰን የእናንተ ሙያ ቢሆንም፣ ሲስተሙ ቀድሞ ያስገባቸውን መስመሮች በሌላው አቆጣጠር ሲያገኛቸው እንደ አዲስ ቆጥሮ ደግሞ ያስገባቸው ይመስለኛል። ስቴትመንታቸው ከባንክ በቀጥታ ሳይሆን በኤክሴል ፋይል የሚገባው ሁለቱ ሌሎች ሂሳቦቻችን ምንም ችግር ያልታየባቸው መሆኑም ምርመራችሁን ሊያሳጥር ይችላል።

ዋናው ሌጀር እስካሁን አልተነካም። የባንክ ሂሳቡ የሌጀር ቀሪም ሆነ የሙከራ ሚዛኑ ከዓርቡ ጋር አንድ ነው። እጅግ የሚያሳስበኝ ግን ሲስተሙ እነዚህን መስመሮች “ያልታረቁ” ብሎ በመያዝ የማስተካከያ ጆርናል አዘጋጅቶ ማቅረቡ ነው። አንድ ባልደረባ በቅን ልቦና `Post Adjustment` የሚለውን ቢጫን፣ ያልተከፈለ ገንዘብ እንደተከፈለ፣ ያልገባም እንደገባ ሆኖ ወደ ሌጀሩ ይተላለፋል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጆርናል መቀልበስና ለኦዲተር ማስረዳት ግድ ይሆናል። የክፍላችን ባልደረቦች እንዳይጫኑት በቃል አሳውቄያለሁ፤ ነገር ግን በቃል ማሳሰቢያ ብቻ መተማመን ስለማይገባ፣ ችግሩ እስኪፈታ ድረስ ቁልፉ ለሁሉም ተጠቃሚ ዛሬውኑ እንዲዘጋ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

የተደጋገሙት መስመሮች ከመሰረዛቸው በፊት የዳታቤዙ ባካፕ እንዲወሰድ፣ ስረዛውም በመለያ ቁጥሩ ላይ ተመሥርቶ እንዲከናወን አሳስባለሁ። ቀንና መጠን አንድ ስለሆኑ ብቻ መስመር መሰረዝ አደገኛ ነው። እኔም በመጀመሪያ ተደጋጋሚ ብዬ የያዝኳቸው 41 መስመሮች ነበሩ፤ አራቱ ግን ባንኩ በአንድ ቀን ለተለያዩ ዝውውሮች የቆረጣቸው እኩል መጠን ያላቸው የአገልግሎት ክፍያዎች ሆነው ተገኝተዋል፤ የመለያ ቁጥራቸውም ለየቅል ነው። እነርሱ ቢሰረዙ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ልዩነት ይፈጠራል።

የጥር ወር ሪፖርት ለማኔጅመንት የሚቀርበው ዓርብ የካቲት 7 ቀን ስለሆነ፣ ማስተካከያው እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን ቢጠናቀቅ ከሰዓት በኋላ መስመሮቹን በድጋሚ አመሳክሬ ለማጽደቅ ጊዜ አገኛለሁ። የየካቲት ስቴትመንትም በየቀኑ እየገባ በመሆኑ፣ ያለፈውን ከማጽዳት ጎን ለጎን አዲስ ድግግሞሽ እንዳይፈጠር ከባንኩ በቀጥታ የሚገባው መረጃ ለጊዜው ቢቆም ይሻላል፤ እስከዚያው በኤክሴል እያስገባን እንሠራለን።

የ37ቱን መስመሮች ዝርዝር፣ የአራቱን ትክክለኛ መስመሮች መለያ ቁጥር፣ የዓርቡን የታተመ ቅጂና የሰኞውን ሪፖርት 9 ገጽ አባሪ አድርጌ ልኬያለሁ። የሚመረምረው ባለሙያ ወደ ቢሮዬ ቢመጣ ቫውቸሮቹን አውጥቼ አብሬው ለማየት ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር

የፋይናንስ ኦፊሰር

ግልባጭ፡
ለፋይናንስ ክፍል ኃላፊ
ለውስጥ ኦዲት አገልግሎት