የጳጉሜ ሙልሙል

ተረት ተረት?
የላም በረት!

ድሮ ድሮ እማማ ዓመት የሚባሉ እናት ነበሩ። አሥራ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ መስከረም ናት፣ ከእሷ ቀጥሎ ጥቅምት፣ ከዚያ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ እያለ እያለ እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት ይሞላሉ። አሥራ ሦስተኛዋ ጳጉሜ ናት። ገና ድክ ድክ የምትል፣ አውራ ጣቷን የምትጠባ ሚጢጢ።

አንድ ቀን እማማ ዓመት እሳት አንድደው ሙልሙል ጋገሩ። ለቡሄ ለልጆች የሚሰጠው ዓይነት፣ ላዩ ጠቆር ያለ፣ ሲቆርሱት እንፋሎቱ አፍንጫ የሚያሞቅ። የእሳቸው ሙልሙል ግን ተራ ሙልሙል አይደለም። አንዱ ሙልሙል አንድ ቀን ነው። አሥር ሙልሙል የያዘ ልጅ አሥር ቀን ደጅ ወጥቶ አገሩን ሁሉ እንደፈለገ ያደርጋል፣ ቢፈልግ ያዘንባል፣ ቢፈልግ ፀሐይ ያወጣል።

ጋግረው ሲጨርሱ ቆጠሩት። 365። ቡሃቃው ሥር የቀረችው ሊጥ ለአንድ ሙሉ አልበቃችም፣ ሩብ ሙልሙል ብቻ ወጣት።

«ኑ፣ ተሰለፉ!»

ለመስከረም 30 ሰጧት። ለጥቅምት 30። ለኅዳርም 30። ማንም እንዳያኮርፍ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ለአሥራ ሁለቱም እኩል አደሏቸው። ከዚያ ሞሰቡን ከፈት ሲያደርጉ 5 ሙልሙል ቀርቷል። አይ ያን ጊዜ የተነሳ ጫጫታ!

«እማዬ ለእኔ ጨምሪልኝ፣ አደይ አበባ የሚፈካው በእኔ ነው፣ መስቀልም የእኔ ነው» አለች መስከረም።

«ጥምቀትን የማከብረው እኔ፣ ሰርግ የሚደገሰው በእኔ፣ 30 ምን ይበቃኛል?» አለ ጥር።

«የእኔን ዝናብ አራሰብኝ» ብሎ ሐምሌ አለቀሰ። (ዝናቡን ያመጣው ማን ሆነና!)

እማማ ዓመት ጭንቅ አላቸው። አምስቱን ለአምስት ልጅ ቢሰጡ ሰባቱ ሊያለቅሱ ነው። ለአንዱ ቢሰጡ ደግሞ አሥራ አንዱ። እንዲህ ሲያስቡ ቀሚሳቸውን አንድ ነገር ጎተት አደረጋቸው። ዝቅ ብለው ሲያዩ ጳጉሜ ናት። አልጮኸችም፣ አልተሰለፈችም፣ እጇን ብቻ ዘርግታለች።

«ውይ ልጄን! አንቺን ረስቼ!»

አምስቱንም ሙልሙል በትንሽዬ ቀሚሷ አሳቀፏት። አሥራ ሁለቱ ትልልቆች እርስ በርስ ተያዩ። ከሕፃን እጅ ማን ይነጥቃል? ጭጭ አሉ። ለዚህ ነው ጳጉሜ 5 ቀን ብቻ ያላት። ስሟም ከግሪክ የመጣ ነው አሉ፣ «ጭማሪ» እንደ ማለት።

(ለወላጆች ብቻ፦ ለእነዚህ 5 ቀናት ደመወዝ የሚከፍል የለም። እሱን ለልጆቹ አታንብቡላቸው።)

ሩቧስ? ሩቧን እማማ ዓመት በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ሩብ ቀን ማለት 6 ሰዓት ነው፣ ማንም ደጅ ወጥቶ ምንም አይሠራባትም። በዓመቱ እንደገና ሲጋግሩ እንደገና ሩብ ተረፈች፣ እሷንም ቋጠሩ። በሦስተኛው ዓመትም እንደዚያው። ዳቦ ቢሆን ሻግቶ ነበር፣ ቀን ግን አይሻግትም። አራተኛዋ ሩብ ስትመጣ ቋጠሮውን ፈተው አራቱን ገጣጠሟቸው፤ ልክክ ብለው አንድ ሙሉ ሙልሙል ወጣቸው! እሱንም ለጳጉሜ ሰጧት። በዚያ ዓመት ጳጉሜ 6 ቀን ሆነች፣ ዓመቱም ዘመነ ሉቃስ ተባለ። በየአራት ዓመቱ እንዲህ ነው፣ በ2015 ቋጠሮው ተፈትቶ ነበር፣ ቀጥሎ ደግሞ የሚፈታው በ2019 ነው።

ጳጉሜ በአምስቷ ቀን ምን ትሠራለች ካላችሁ፣ ገና የነሐሴ ጭቃ ሳይደርቅ በባዶ እግሯ ትወጣለች። በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ዝናብ ጠብ ካለ ሰፈር ያለ ልጅ ሁሉ ልብሱን ጥሎ ከእሷ ጋር ይራጫል፣ እናቶች እንኳን «ብርድ ይመታሃል፣ ግባ!» ማለት ይተዋሉ። በአምስተኛው ቀን ማታ ደግሞ ሁሉም ደጅ ላይ ችቦ ሲያበራ፣ ጳጉሜ እንቅልፏ መጥቶ ዓይኗን እያሻሸች ትልቋን እህቷን ልትቀሰቅስ ትሄዳለች።

«መስከረም፣ ተነሽ፣ ተራሽ ደርሷል።»

መስከረም ስትነሳ ጳጉሜ እዚያው በሞቀው አልጋዋ ውስጥ ገብታ ለጥ ትላለች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ሙልሙል ቢሆንም አልጠላም።