የጥር ወር 2017 ዓ.ም. የዳቦ ማምረቻ ወጪ መዘርዝር

ለዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይህ መዘርዝር ከጥር 1 እስከ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጋገረውን ባለ 100 ግራም ዳቦ ወጪ ይመለከታል። እስካሁን ዱቄቱም፣ ደመወዙም፣ የመብራቱም ሂሳብ በአንድ መዝገብ ላይ «ወጪ» እየተባለ ብቻ ይጻፍ ስለነበር፣ አንድ ዳቦ ሲወደድ ያስወደደው ምን እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። ስለዚህ በዚህ ወር ወጪው በሦስት ተከፍሎ ቀርቧል፦ ለዳቦው የዋለው መጠን ተለይቶ የሚታወቀው ጥሬ ዕቃና የሰው ጉልበት ቀጥተኛ ሲባሉ፣ ለማምረቻው የወጣው ሌላው ሁሉ ተዘዋዋሪ ነው። የሁለቱ ቀጥተኛ ወጪዎች ድምር መነሻ ወጪ ተብሏል።

| ዝርዝር | ብር | ድምር |
|---|---:|---:|
| ቀጥተኛ ጥሬ ዕቃ | | |
| ዱቄት፦ ከታኅሣሥ የዞረ 6 ኩንታል | 48,300 | |
| ሲደመር፦ የተገዛ 42 ኩንታል | 338,100 | |
| ሲቀነስ፦ ወር መጨረሻ ላይ የቀረ 8 ኩንታል | (64,400) | |
| የተቦካ ዱቄት፣ 40 ኩንታል | 322,000 | |
| እርሾ፣ 40 ኪሎ | 24,000 | |
| ስኳር፣ 80 ኪሎ | 9,600 | |
| ጨው፣ 60 ኪሎ | 1,800 | |
| ሲቀነስ፦ የባዶ ጆንያ ሽያጭ | (1,600) | 355,800 |
| ቀጥተኛ የሰው ጉልበት | | |
| የአቡኪ፣ የጋጋሪና የሦስት ድቡልቡል ሠሪዎች ደመወዝ | 29,900 | |
| የአሠሪ የጡረታ መዋጮ፣ 11 በመቶ | 3,289 | |
| የትርፍ ሰዓት መደበኛ ክፍያ | 600 | 33,789 |
| መነሻ ወጪ | | 389,589 |
| ተዘዋዋሪ የማምረቻ ወጪ | | |
| መብራት | 19,000 | |
| የመጋገሪያው ክፍል ኪራይ | 15,000 | |
| የተቆጣጣሪ ደመወዝና ጡረታ | 9,990 | |
| የፉርኖና የማቡኪያ ማሽን የእርጅና ቅናሽ | 8,000 | |
| የትሪ መቀቢያ ዘይት | 5,000 | |
| የጄኔሬተር ነዳጅ | 3,600 | |
| የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝና ጡረታ | 3,330 | |
| ውኃ | 2,400 | |
| ጥገና | 2,000 | |
| የትርፍ ሰዓት ጭማሪ | 450 | 68,770 |
| ጠቅላላ የማምረቻ ወጪ | | 458,359 |

የየቀኑ ሊጥ በዕለቱ ተጋግሮ ስለሚያልቅ በሂደት ላይ ያለ ሥራ ተብሎ የሚመዘገብ የለም። ከተድቦለቦለው 56,000 ዳቦ ውስጥ ያረረውና ቅርጹ የተበላሸው 1,000 በዚህ ሥራ የተለመደ በመሆኑ፣ ወጪውን ለሽያጭ የደረሰው 55,000 ዳቦ ተሸክሞታል። በዚህ መሠረት አንድ ዳቦ 8.33 ብር ፈጅቷል፤ ከዚህም 6.47ቱ ጥሬ ዕቃ፣ 0.61ዱ ጉልበት፣ 1.25ቱ ተዘዋዋሪ ወጪ ነው።

ስለ አመዳደቡ

የዱቄቱ የኩንታል ዋጋ 8,050 ብር የሆነው በ8,000 ብሩ ላይ 50 ብር የማጓጓዣና የማውረጃ ክፍያ ስለተጨመረበት ነው፤ ዱቄቱ ደጃፋችን እስኪደርስ የወጣው ሁሉ የዱቄቱ ዋጋ ነው። ውኃ ከዱቄት ቀጥሎ በሊጡ ውስጥ በክብደት ብዙውን ድርሻ ይይዛል፤ ይሁን እንጂ ለሊጡ የዋለው ለእጥበት ከዋለው ጋር በአንድ ቆጣሪ ስለሚነበብና ዋጋውም አነስተኛ ስለሆነ ለመለየት መድከሙ አያዋጣም። ዘይቱም የሚቀባው ትሪውን እንጂ ወደ ሊጡ የሚገባ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ዳቦ ስንት ጠብታ እንደዋለም ማንም አይለካም። ጨው ግን ርካሽ ቢሆንም በየኩንታሉ አንድ ኪሎ ተኩል እየተመዘነ ስለሚገባ ከቀጥተኛው ጋር ተመድቧል።

ብዙ ያነጋገረን የጉልበቱ ክፍል ነው። የአምስቱ ሠራተኞች ደመወዝ 31,200 ብር ነው፤ ነገር ግን ከድቡልቡል ሠሪዎቹ አንዷ በየማለዳው ለሁለት ሰዓት መደርደሪያው ላይ ቆማ ስለምትሸጥ፣ በ26 የሥራ ቀናት የ52 ሰዓት ክፍያዋ፣ በሰዓት 25 ብር ታስቦ 1,300 ብር፣ ከነጡረታው ወደ ሽያጭ ወጪ ተዛውሯል። የደመወዝ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሥራ መጠሪያ ሳይሆን በሰዓቱ የተሠራው ሥራ ነው የሚመደበው።

መብራት በጠፋባቸው ቀናት ድቡልቡል ሠሪዎቹ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በድምሩ 24 ሰዓት ሠርተዋል። ለሌሊት ትርፍ ሰዓት በሕጉ የሚከፈለው የመደበኛው 1.75 እጥፍ ስለሆነ 1,050 ብር ተከፍሏቸዋል። መደበኛው 600 ብር ቀጥተኛ ጉልበት ሲሆን፣ ጭማሪው 450 ብር ወደ ተዘዋዋሪው የገባበት ምክንያት ያ ዳቦ ሌሊት የተጋገረው በመብራቱ መጥፋት እንጂ በራሱ ጠባይ ስላልሆነ ነው፤ የዚያን ሌሊት ዳቦ ብቻ ማስወደድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ፉርኖውና ማቡኪያው የተገዙበት 960,000 ብር በ10 ዓመት ተከፋፍሎ ወርኃዊ ድርሻው ተይዟል። ከ20,000 ብሩ ኪራይ ሦስት አራተኛው በክፍሎቹ ስፋት መጠን የመጋገሪያው ሲሆን፣ ቀሪው 5,000 ብር የሱቁ ነው። የፌስታል ግዢና ለየሱቁ የሚያደርሰው የባጃጅ ክፍያም ዳቦው ከተጋገረ በኋላ የሚወጡ በመሆናቸው በዚህ መዘርዝር ውስጥ አልገቡም።

በግምት የተሠራ አንድ አኃዝ አለ፤ ከ21,000 ብሩ የመብራት ሂሳብ ለሱቁ ማቀዝቀዣና አምፖሎች የተቀነሰው 2,000 ብር በንባብ የተረጋገጠ አይደለም። ለሱቁ መስመር ንዑስ ቆጣሪ ከተገጠመ የየካቲት መዘርዝር በንባቡ ይሠራል።

የሂሳብ ሠራተኛ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.